ጉዳዩ፦ የሦስተኛው ሩብ ዓመት የንብረት ሪፖርት ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለሚስተር ማርቲን፣

እንደምን አደሩ? ከጉዞዎ እንኳን በሰላም ተመለሱ።

በመጪው ማክሰኞ እንዳስረክብ የታዘዝኩትን የሦስተኛው ሩብ ዓመት የንብረት ሪፖርት እስከ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት (በእርስዎ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት) ድረስ እንዲያራዝሙልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ረቡዕ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ስብሰባ እንዳለብዎ ስለማውቅ፣ ቀኑ ሳይደርስ ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል ብዬ ነው።

ያስቸገረኝ የላፕቶፖቹ ቆጠራ ነው። በመዝገብ 64 አሉ፤ በአካል የተቆጠሩት ግን 52 ብቻ ናቸው። 12ቱ ጠፍተዋል የሚል እምነት የለኝም፤ ወደ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ እንደተላኩ የሚያሳይ የወጪ ደረሰኝ ፋይል ውስጥ አግኝቻለሁ። አስረካቢው ፈርሟል፣ የተረካቢው ቦታ ግን ባዶ ነው። ቅርንጫፉ መረከቡን በፊርማና በማኅተም ካላረጋገጠልኝ «ተዛውሯል» ብዬም «ጎድሏል» ብዬም መጻፍ አልችልም፤ ኦዲተር ዘንድ ሲደርስ የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደውዬ ስጠይቅ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ፈቃድ ላይ መሆናቸውንና ሐሙስ ጠዋት ሲገቡ የእያንዳንዱን ላፕቶፕ መለያ ቁጥር አመሳክረው፣ ደረሰኙን ፈርመው በስካን እንደሚልኩልኝ ተነግሮኛል።

የተሽከርካሪዎቹ፣ የቢሮ ዕቃዎቹና የእርጅና ቅናሹ ክፍል ተጠናቋል። እስከዚያው እንዲያዩት ከዚህ ኢሜይል ጋር አያይዤዋለሁ።

ለረቡዕ ስብሰባ ሙሉው ሪፖርት የግድ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ላፕቶፖቹን «በማጣራት ላይ» በሚል አስፍሬ ማክሰኞ ላስረክብ እችላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ይህን አልመርጠውም። አንዴ ቀርቦ በሳምንቱ የሚታረም ቁጥር ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም፤ ተጠያቂውም እርስዎ ይሆናሉ።

ካላስቸገርኩዎ አንድ ነገር ልጨምር። ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ፣ ሐሙስን ሳንጠብቅ ሌላ ሰው ተወክሎ ዕቃውን ሊያመሳክር ይችላል። እኔ ደጋግሜ ከምደውል የእርስዎ አንድ ኢሜይል ይበልጥ ይሰማል። ደረሰኙ ቀድሞ ከመጣልኝ እኔም ዓርብን አልጠብቅም፤ በማግስቱ አስረክባለሁ።

ውሳኔዎን ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ቢያሳውቁኝ ሥራዬን በዚያው መሠረት አስተካክላለሁ። በስልክ ማነጋገር ከፈለጉም ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነኝ።

ለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት
የንብረት አስተዳደር ባለሙያ

አባሪ፦ የተጠናቀቀው የሪፖርቱ ክፍል፣ የቆጠራ ቅጽ እና ተረካቢ ያልፈረመበት የወጪ ደረሰኝ ቅጂ