ለሲስተር አልማዝ የተደረገ የሽኝት ንግግር

የተከበራችሁ የጤና ጣቢያችን ባልደረቦች፣ የሲስተር አልማዝ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የደባርቅ ነዋሪዎች፤

በግድግዳው ላይ የምታዩት ፎቶግራፍ በኅዳር 2009 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ ለክትባት ወደ ገጠር ቀበሌዎች ከመውጣታችን በፊት፣ በዚሁ ግቢ የተነሳነው ነው። ስምንት ነን። ስድስቱ ወደ ካሜራው ያያሉ፤ ሲስተር አልማዝ ግን በቀኝ በኩል፣ ከተጫነችው በቅሎ አጠገብ ቆመው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አንድ ነገር ወደ ጆሯቸው አስጠግተዋል። ፎቶውን ያየ እንግዳ ሁሉ በስልክ የሚነጋገሩ ይመስለዋል። የያዙት አይስ ፓክ ነው።

ከሙያው ውጭ ለሆናችሁ ላስረዳ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ሙቀት እንደሚያበላሸው ብዙ ሰው ያውቃል፤ ፔንታቫለንትን የመሰለው ክትባት ግን በረዶ ከሠራም ይበላሻል፣ ልጁም ተከተበ ተብሎ ከበሽታው ሳይጠበቅ ይቀራል። ስለዚህ ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ ወደ ክትባት ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ጥቂት መሟሟት፣ ሲነቀነቅም በውስጡ የውሃ ድምፅ መሰማት ይኖርበታል። ሲስተር አልማዝ እያንዳንዱን እየነቀነቁ ያን ድምፅ ያዳምጡ ነበር።

መሃል ላይ የእጅ ሰዓቱን የሚያየው ወጣት እኔ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ሲስተር፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እንሂድ እያልኩ ስጨቀጭቅዎ አልተቆጡኝም፤ አንዱን አይስ ፓክ ሰጥተውኝ «እስቲ አዳምጥ» አሉኝ። ምንም አልሰማሁም። ቆይተው ደግመው ሰጡኝ፤ ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፤ ያኔ ተነሳን።

በብብትዎ ሥር የሚታየውን መዝገብም አልረሳሁትም። የዚያን ዕለት አመሻሽ፣ የቀረነው ሁሉ ደክመን ከበቅሎዋ ጋር ስንቀመጥ፣ በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሳይወስድ የቀረ የአንድ ሕፃን ስም ላይ ጣትዎን አሳርፈው፣ እናቲቱ ለምን እንዳልመጣች ሊጠይቁና ቀጠሮ ሊሰጧት ዳገቱን ብቻዎን ወጡ። ሲመለሱ ጨልሞ ነበር። የቀጠሮው ቀን ከስሙ ጎን ተጽፏል።

ዛሬ ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ በጡረታ ሲሰናበቱን፣ የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ የመመዝገቡን ሥራ ከእጅዎ የምረከበው እኔ ነኝ፤ አዲስ የሚመጡትንም ከመነሳታችን በፊት አይስ ፓኩን በጆሯቸው አስደምጣቸዋለሁ።

ፎቶውን አሳድገን በፍሬም አድርገነዋል፤ ከጀርባው ሁላችንም ፈርመንበታል። ሲስተር፣ እባክዎ ወደዚህ ይምጡና ይቀበሉን።