በባሕር ውኃ ስለተበላሸ ዕቃ እና ከተባለው ቀን 61 ቀን ዘግይቶ ስለደረሰ ጭነት የቀረበ የካሳ ጥያቄ

ለ፦ የካሳ ጥያቄዎች ክፍል ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ወኪል ቢሮ
ቀን፦ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
የጭነት ሰነድ ቁጥር፦ 2507-0418፣ ከኒንግቦ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር

ጤና ይስጥልኝ፤

ጥቅምት 12 ቀን ስለ ጉዳቱ በጽሑፍ አሳውቄ ነበር። የደረሰኝ መልስ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከእናንተ የመጣው ጥቅምት 24 ቀን የተላከ የኮንቴይነር ማቆያ ሂሳብ ነው። የጠየቅሁት ካሳ ሳይታይ ሂሳብ ስለመጣብኝ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ በማስረጃ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ጭነቱ 460 ካርቶን የትምህርት ቤት ቦርሳ እና 180 ካርቶን የምሳ ዕቃና የውኃ ኮዳ ነው። ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ኒንግቦ ላይ ተጫነ። ዋጋ ስንነጋገር ቢሮአችሁ በኢሜይል የሰጠኝ የሞጆ መድረሻ ቀን ነሐሴ 10 ነበር። ዋጋችሁ ከሌሎቹ ከፍ ቢልም የተስማማሁት በዚህ ቀን ምክንያት ነው፤ ይህንንም በወቅቱ ጽፌላችኋለሁ። የደሴና የሐዋሳ ቸርቻሪዎች የትምህርት ቤት ዕቃ የሚያነሡት በነሐሴ ነው። መስከረም ከገባ በኋላ ቦርሳ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀውም በግማሽ ዋጋ ነው። ኮንቴይነሩ ሞጆ የገባው ጥቅምት 6 ቀን፣ ልጆቹ አሮጌ ቦርሳቸውን ይዘው ትምህርት ከጀመሩ ከሳምንታት በኋላ ነው።

የመዘግየቱን ምክንያት በስልክ ስጠይቅ የቀይ ባሕር ሁኔታ እንደሆነ ተነገረኝ። አካባቢው አስጊ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በመርከቦች ላይ የሚደርሰው ጥቃት የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ እናንተ የመድረሻውን ቀን የሰጣችሁኝ ደግሞ ሁሉም ነገር ከታወቀ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ከምሥራቅ ወደ ጂቡቲ የሚመጣ መርከብም ባብ ኤል መንደብን ማቋረጥ አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ የራሳችሁ የጭነት መከታተያ ገጽ የሚያሳየው ሌላ ነው፦ ኮንቴይነሩ ሐምሌ 14 ቀን ጀበል አሊ ላይ ወረደ፤ ወደ ጂቡቲ በሚሄድ መርከብ የተጫነው መስከረም 6 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጂቡቲ ለመድረስ አንድ ሳምንት ብቻ ፈጀበት። በጀበል አሊ ለ57 ቀናት ለምን እንደተቀመጠ፣ በመካከሉ ወደ ጂቡቲ በሄዱት መርከቦች ላይ ለምን እንዳልተጫነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ። ሞጆ ላይ ለጉምሩክ ፍተሻ የወረዱት ከበሩ አጠገብ ያሉት ካርቶኖች ብቻ ስለነበሩ የታየ ነገር አልነበረም፤ የኮንቴይነሩ የበር ማኅተምም ያልተነካ፣ ቁጥሩም ከሰነዱ ጋር የሚስማማ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን መጋዘን ደርሶ ዕቃው ሲራገፍ፣ ከመካከል በኋላ የሻጋታ ሽታ መጣ። በውስጠኛው የግራ ጥግ ከላይ እስከ ወለል የተደረደሩት 118 ካርቶኖች ርሰው፣ የታችኞቹ ተጨፍልቀው ተገኙ። ማራገፉን አስቁሜ ገለልተኛ የጉዳት ገማች አስመጣሁ፤ ለወኪላችሁም በዚያው ዕለት ጥሪ አደረግሁ። ወኪላችሁ በማግሥቱ መጥቶ ፎቶ አንሥቶ ሄዷል።

ወኪላችሁ ቆሞ ሳለ ውኃው «የኮንቴይነር ላብ» ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ላብ ከሆነ ከጣሪያው ሁሉ ይንጠባጠባል እንጂ አንድ ጥግ መርጦ አይወርድም። ገማቹ በሩን ከውስጥ ዘግቶ ሲመለከት በዚያው ጥግ በላይ ብርሃን ገባ፤ ጣሪያው ላይ በዝገት የተበላ፣ ከዚህ ቀደም ተለጥፎበት የነበረው ማሸጊያ የተነሣ ቀዳዳ አለ። በረጠቡት ካርቶኖች ላይ በብር ናይትሬት የተደረገው ምርመራም ክሎራይድ መኖሩን አሳይቷል። ከአየር እርጥበት የሚመጣ ላብ ጨው የለውም። በክረምቱ የዓረብ ባሕር ማዕበል ምን ያህል እንደሆነ ለመርከብ ድርጅት የምነግር እኔ አይደለሁም።

ሰነዱ ላይ «አጫጫኑና ቆጠራው የላኪው ነው» የሚል ሐረግ እንዳለ አውቃለሁ፤ ምናልባት መልሳችሁ እሱ ይሆናል። ያ ሐረግ ስለ ካርቶን ብዛትና ስለ አደራደር ነው። ኮንቴይነሩ ግን የእናንተ ነው። ባዶውን ለላኪው ያስረከባችሁት እናንተ ናችሁ፤ የተለጠፈው ማሸጊያም ቀዳዳው ከዚህ ጉዞ በፊት ይታወቅ እንደነበር ያሳያል። ጭነቱ እስከ ሞጆ በአንድ ሰነድ የመጣ የመልቲሞዳል ጭነት በመሆኑ፣ ዕቃውን ከተረከባችሁበት እስካስረከባችሁበት ድረስ ያለው ኃላፊነት የእናንተ መሆኑን የመልቲሞዳል ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 548/1999 ደንግጓል።

የማቆያ ሂሳቡን በተመለከተ፦ ወኪላችሁ «ከጂቡቲ ባለሙያ መጥቶ ጣሪያውን እስኪያይ ኮንቴይነሩን አትመልሱ» ብሎ ጥቅምት 12 ቀን በጽሑፍ አዟል። ማንም አልመጣም። ጥቅምት 21 ቀን ራሴ ደውዬ አሳውቄ መለስኩት። አሁን ለዚያው 9 ቀን በቀን 60 ዶላር፣ በጠቅላላው 540 ዶላር ተጠይቄአለሁ። በእናንተ ትእዛዝ ለጠበቅሁበት ጊዜ ክፍያ አልፈጽምም፤ ሂሳቡ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።

ከረጠቡት 118 ካርቶኖች ውስጥ 31ዱ ውጫቸው ብቻ ስለረጠበና ቦርሳዎቹ ደህና ስለሆኑ አልጠየቅሁባቸውም። የምሳ ዕቃውና ኮዳውም ምንም አልሆነም። የቀሩት 87 ካርቶኖች፣ ማለትም 1,740 ቦርሳዎች፣ ሻግተዋል፤ ዚፓቸውም ዝጓል። በደረሰኝ ዋጋ በ4.20 ዶላር 7,308 ዶላር ይሆናል። ለእነዚሁ ቦርሳዎች የከፈልኩት የጉምሩክ ቀረጥ ድርሻ 386,400 ብር፣ የገማቹ ክፍያ 32,000 ብር ነው። ለመዘግየቱ የባሕር ጭነት ክፍያው 3,850 ዶላር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። አራት ደንበኞች ትእዛዛቸውን ሰርዘው ቀብዳቸውን ወስደዋል፤ የተረፈው ቦርሳም የባንክ ወለድ እየቆጠረ እስከሚቀጥለው ነሐሴ መጋዘን ይቀመጣል። ከዚህ አንጻር የጠየቅሁት ከኪሳራዬ ያነሰ ነው።

ለመድን ድርጅቴ አሳውቄአለሁ። ለውኃው ጉዳት እርሱ ከከፈለ፣ የከፈለውን ከእናንተ የሚጠይቀው እርሱ ይሆናል፤ ከአንድ ጉዳት ሁለት ካሳ አልፈልግም። በመዘግየት የሚመጣን ኪሳራ ግን የመድን ውሉ ስለማይሸፍን፣ እርሱ በእኔና በእናንተ መካከል የሚያልቅ ነው።

እስከ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ጥያቄውን መቀበል አለመቀበላችሁን፣ ካልተቀበላችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ቀኑ ካለፈ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን አቀርባለሁ፤ ክስ የመመሥረት መብቴም የተጠበቀ ነው።

የጭነት ሰነዱ፣ የግዢ ደረሰኙ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ፣ የገማቹ ሪፖርት ከፎቶዎቹ ጋር፣ የመድረሻውን ቀን የሰጣችሁበት ኢሜይልና የወኪላችሁ የጽሑፍ ትእዛዝ ተያይዘዋል። የተበላሹት ቦርሳዎች ኮልፌ በሚገኘው መጋዘኔ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ሻጋታው ወደ ደህናው ዕቃ እንዳይዛመት ከኅዳር 20 በኋላ ስለማስወግዳቸው፣ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ከዚያ በፊት በሥራ ሰዓት ሰው ላኩ።

ከሰላምታ ጋር
ትዕግሥት በቀለ
የትምህርት ቤት ዕቃዎች አስመጪ፣ አዲስ አበባ