እማዬ እንኳን ተወለድሽልኝ፣ የማቱሳላን እድሜ ይስጥሽ

ሜሪዬ መጀመሪያ ላንቺ፣ ይሄን ለእማዬ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፣ በሚሰማት ጆሮዋ በቀኝ በኩል ተቀመጪ፣ ደሞ ቶናው ሲቀዳ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አቦሉ ላይ ጎረቤት ገና እየገባ ስለሆነ ጫጫታ ይበዛል። ምንም ሳትዘልዪ አንብቢ፣ ካለቀሰችም ስልኩን አትዝጊው፣ ትንሽ ጠብቂያትና ቀጥዪ።

እማዬ፣ እማምዬ፣ እንኳን ተወለድሽልኝ! እንኳን ለ80 ዓመትሽ አደረሰሽ፣ እንኳን ለኪዳነ ምህረትም አደረሰሽ!

"ልደት የህፃናት ነው፣ እኔ ምን ልደት አለኝ" እንደምትይ አውቃለሁ፣ ግን ያንቺን ቀን ታቦት ነው የመዘገበው። እምዬ አያቴ ነፍሷን ይማረውና "ጣልያን በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ የካቲት 16፣ ዑራ ኪዳነ ምህረት ታቦት ወጥቶ እልል ሲባል ምጥ ያዘኝ" ስትል ስንቴ ሰምቻታለሁ። ጣልያን 1933 ከወጣ 1938 መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ዘንድሮ ድፍን 80 ነሽ፣ 78 ነኝ ብለሽ ብትከራከሪም ሂሳቡን ሦስቴ ሰርቼዋለሁ አይቀየርም። እናንተ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ኤድመንተን ገና የትላንት ማታ 5 ሰዓት ነው፣ ልደትሽ እዛ ሲነጋ እዚህ ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ እኔ ግን ነቅቼ ነው የምጠብቀው።

ስንት ቀን ምን ልበላት እያልኩ ሳስብ ነበር፣ የሚያምር ቃል ሁሉ ፈልጌ አጣሁ፣ በመጨረሻ ዞሬ ዞሬ ያንቺው ላይ ወደቅኩ። ሽምብጥ ቤታችን፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት፣ እኔ ጆጓን በሁለት እጄ ይዤ ሳፋዋ መሬት ላይ ሆና ለሰው ሁሉ እጅ አስታጥባለሁ፣ አንቺ ሁሌ የመጨረሻዋ ነሽ፣ ታጥበሽ ስትጨርሺ እጅሽን በፎጣው አትጠርጊውም፣ እርጥቡን እንዳለ አናቴ ላይ ታደርጊውና "እደጊ፣ ተመንደጊ፣ የማቱሳላን እድሜ ይስጥሽ" ትያለሽ፣ ውሃው በሹሩባዬ መሃል ወርዶ አንገቴ ውስጥ ይገባል፣ ብርዱ እስከዛሬ ይሰማኛል ብልሽ ታምኛለሽ?

ትዝ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቀን ሰንበት ትምህርት ቤት ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ ሲሉን ሰማሁና ደንግጬ በሩጫ መጣሁ፣ አንቺ ጓሮ ልብስ እያሰጣሽ ነበር፣ "እማዬ 969 ዓመት ምን እሰራለሁ፣ አንቺስ የለሽ አባባስ የለ፣ ሁሉም ሰው ሞቶ እኔ ብቻዬን ልቀር ነው እንዴ" ብዬ አለቀስኩ። አንቺ እጅሽ ላይ የነበረውን ነጠላ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ቁጭ አልሽና "የኔ ሞኝ፣ እኔ ቁጥሩን መች አልኩሽ፣ ቡናሽን የሚጠጣልሽ ሰው ሳታጪ እርጂ ማለቴ ነው" አልሽኝ። እኔ ከዛ ቀን በኋላ ማቱሳላ ሲባል የሚታየኝ ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ አይደለም፣ ረከቦት ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ነው የሚታየኝ።

ባገራችን ልጅ ወላጁን አይመርቅም፣ ምርቃት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ልጅ ስራው አሜን ማለት ነው። እኔም 40 ምናምን ዓመት አሜን ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን አንድ ቀን ፍቀጂልኝና የሰጠሽኝን ልመልስልሽ፣ አሜን የምትይው አንቺ ሁኚ፦

እማዬ የማቱሳላን እድሜ ይስጥሽ። ቡናሽን የሚጠጣልሽ ሰው አያሳጣሽ። ጉልበትሽን ያጠንክርልሽ፣ አይንሽን ያብራልሽ። የሜሪን ሰርግ ያሳይሽ፣ የሜሪን ልጅ ያሳቅፍሽ። ኪዳነ ምህረት በቃል ኪዳኗ ትጠብቅሽ።

ሜሪ እዚህ ጋ አሜን እስክትል ጠብቂ።

ዛሬ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ስመለስ ቋጥረሽ የሰጠሽኝ የዘጌ ቡና አንዲት እፍኝ ቀርታኝ ነበር፣ ፍሪዘር ውስጥ ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጫት፣ ዛሬ ለደግ ቀን አወጣኋት። ለቅሜ አጠብኳት፣ ብረት ምጣዱ ላይ አድርጌ ስቆላ መጀመሪያ እርጥብ እንጨት እንጨት አለ፣ ከዛ ገለባው እየለቀቀ ሲመጣና ፍሬዋ ጠቆር ብላ ወዝ ስታወጣ ያ ሽታ መጣ፣ ያንቺ ቀሚስ ሽታ። ወዲያው የቤቱ የጭስ አላርም ጮኸ፣ ልጆቹ ደንግጠው ወጡ፣ መስኮት ከፈትን ውጪው ከዜሮ በታች 18 ነው፣ በዛ ብርድ መሃል በረዶ እያየን ጭሱን ለልጆቹ ባፍንጫቸው አዞርኩላቸው፣ "ይሄ አያታችሁ ናት" አልኳቸው።

ከዛማ ጥያቄው መጣ። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም መሬት አይታረስም ስላቸው አላመኑኝም፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና አንዱ ጌሾ አንዱ ሎሚ ሆነ ብለሽ ያጫወትሽኝን ነገርኳቸው። አንቺ በታንኳ ከአባትሽ ጋር ባህር ዳር ቅዳሜ ገበያ ስትመጪ የነበረውንም ነገርኳቸው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሳይነሳ ለመድረስ ሌሊት እንደምትነሱ፣ የቡናው ጆንያ ደረቁ ላይ ተቀምጦ አንቺ እግርሽ ውሃ ውስጥ እንደሚሆን፣ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳዋን ዛፍ ላይ አስደግፋችሁ አቁማችሁ እንደምታደርቋት። ትንሿ "ጉማሬ አልነበረም?" አለችኝ፣ ነበረ እንጂ አልኳት፣ አያትሽ ግን ደርሳለች፣ ደርሳም እኔን ወልዳለች።

ደሞ ፋብሪካውን። ጨርቃ ጨርቅ የሌሊት ሺፍት ገብተሽ ጠዋት ስትመጪ የጥጡ ብናኝ ፀጉርሽ ላይ ተኝቶ ነጭ ሆነሽ ትገቢያለሽ፣ አንድ ጠዋት እኔ ከእንቅልፌ ስነሳ በሩ ላይ ቆመሽ አየሁሽና አርጅተሽ የመጣሽ መስሎኝ ጮኬ አለቀስኩ። አንቺ ሻሽሽን ፈተሽ በሩ ላይ አራገፍሽው፣ ፀጉርሽን በእጅሽ መታ መታ አደረግሽና "ይኸው ጥቁር ነው፣ ነይ ንኪው" አልሽኝ። ትላንት በቪዲዮ ሳይሽ ሻሽሽ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ነበር፣ ሁሉም ነጭ ሆኗል። አላለቀስኩም እማዬ። ያ ሁሉ ነጭ እኛን ስታሳድጊ የመጣ ነው፣ እያንዳንዷን ብስማት ደስ ይለኛል።

የከፋኝን ካልነገርኩሽ ውሸት ይሆናል። በቀደም ዓመት ኢንተርኔት ጠፍቶ ፊትሽን ሳላይ ወራት ያለፉ ጊዜ፣ በካርድ ደውዬ ድምፅሽ እየተቆራረጠ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነን" ብቻ ስትዪኝ፣ ከጀርባሽ ያለውን ድምፅ ሁሉ ጆሮዬን አቁሜ እሰማ ነበር፣ የሲኒ ድምፅ ከሰማሁ ያን ቀን እተኛለሁ። ሲኒ ካለ ሰው አለ ማለት ነው፣ እማዬ ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው። በዛን ጊዜ ቤትሽን ሳይለቁ ያመሹ ጎረቤቶችሽን ሁሉ አሁን እዛ ካላችሁ ስሙኝ፣ ውለታችሁን እኔ መቼም ከፍዬ አልጨርሰውም፣ እግዜር ይክፈላችሁ፣ ለናንተም እድሜ ይስጥልኝ።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ልደትሽ ዘንድሮ ሁዳዴ ላይ ስለዋለ ገና ቅድስት ላይ ነንና እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም እንዳልሽ ሰምቻለሁ። የግፊቱ ኪኒን በባዶ ሆድ አይዋጥም ተብለሻል፣ የንስሐ አባትሽም ለመድኃኒቱ ያህል ቅመሺ ብለው ፈቅደውልሻል፣ ስለዚህ በኪዳነ ምህረት ይዤሻለሁ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ነገር ቅመሺና ዋጪ። አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቆ በእግሬ ካልተሻገርኩ ብለሽ የሄድሽ ጊዜ፣ 380 ሜትሩን ሁለቴ አረፍ ብለሽ ጨርሰሽው ነጠላሽ በንፋሱ እየተውለበለበ የተነሳሽው ፎቶ ስራ ቦታዬ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ያ ጉልበት እንዲቆይልኝ ነው ሌላ አይደለም።

ኬኩ የጾም ነው፣ እንቁላልም ወተትም የለውም፣ ሜሪ ናት ጠይቃ ያሰራችው አትጠራጠሪ ቁረሺ። ሻማው አንድ ብቻ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እፍ ብለሽ እንዳትደክሚ። አንድ ቁራሽ ለበር ጠባቂው ለጋሼም ላኩለት።

በመጨረሻ፣ ሜሪ ይቺን እስካሁን የደበቅናት ናት፣ ስልኩን ወደ ፊቷ አዙሪና ቪዲዮ ቅረጪልኝ።

እማዬ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው አይደል? ትኬት ቆርጫለሁ። ከሁለቱም ልጆች ጋር፣ ሆሳዕና ማግስት ሰኞ ባህር ዳር እንገባለን። ኤርፖርት ድረስ አትምጪ ፀሐዩ ይመታሻል፣ ቤት ጠብቂኝ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡልን፣ የልጆቹን አልጋ ካንቺ ክፍል አድርጊው፣ ዶሮውን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትገዢ አብረን ነው ቅዳሜ ገበያ የምንሄደው። ያቺ ሰማያዊ ጆግ ካለች ፈልጊያት፣ ከተሰበረችም ሌላ ግዢ። ትንሿ ጆግ መያዝ እየተለማመደች ነው፣ እጅሽን እሷ ናት የምታስታጥብሽ፣ ስትጨርሺ እንዳትጠርጊው።