የቁም ሣጥኑን ሥራ ለመጀመር የቀረበ የቅድመ ክፍያ ጥያቄ

ለተከበሩ ደንበኛዬ፣

የወጥ ቤትዎ ቁም ሣጥን ንድፍ በተስማማነው ልክ ተስተካክሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። እንጨት ከመግዛቴ በፊት ከጠቅላላው ዋጋ 40 በመቶውን በቅድሚያ እንዲከፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ለእንጨት፣ ለማጠፊያና ለመሳቢያ ሐዲድ መግዣ ይውላል። ቀሪው 10 በመቶ ሦስቱን የሥራ ሳምንታት ለእርስዎ ለይቼ የምይዝበት ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሌላ ሥራ አልቀበልም። የሚቀረውን 60 በመቶ ግማሹን ሣጥኑ ተሠርቶ ሲያዩት፣ ግማሹን ተገጥሞ ሲያልቅ ይከፍላሉ።

ሐሳብዎን ከቀየሩ፣ በከፈሉ በ5 ቀናት ውስጥ ካሳወቁኝ ሙሉውን እመልሳለሁ። እስከዚያ ምንም አልገዛም። ከ5 ቀናት በኋላ 10 በመቶው አይመለስም፤ ከ30 በመቶው ግን ያልወጣውን ገንዘብ ደረሰኞቹን አሳይቼ እመልሳለሁ፤ የተገዛውም ዕቃ የእርስዎ ነው። በእርስዎ ልክ የተቆረጠ እንጨት ለሌላ ቤት ስለማይሆን በዚህ ነጥብ ላይ መደራደር ይከብደኛል።

ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከተስማማንበት ቀን 10 ቀናት አሳልፌ ካልጀመርኩ ወይም ሥራውን ካቋረጥኩ፣ ያወጣሁት ወጪ ምንም ያህል ቢሆን፣ የከፈሉትን በሙሉ በ7 ቀናት ውስጥ በባንክ እመልሳለሁ።

ከተስማሙ የተያያዘውን ውል ፈርመው ይላኩልኝ፤ ክፍያው በገባ ዕለት ደረሰኝ እልክልዎታለሁ። ያልተዋጠልዎት ነጥብ ካለ ግን ከመፈረምዎ በፊት ይደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አናጺዎ