ክፍል 5፦ ውይይት — በዲፍራክሽን ግሬቲንግ የለካነው የሞገድ ርዝመት ከሚጠበቀው ለምን አነሰ?

5.1 ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

ከሦስቱ ኦርደሮች በአማካይ ያገኘነው የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 619.8 ናኖሜትር ነው። የሂሊየም-ኒዮን ሌዘር ቀይ ብርሃን የታወቀ የሞገድ ርዝመት ደግሞ 632.8 ናኖሜትር ነው። ውጤታችን በ13.0 ናኖሜትር፣ ማለትም በ2.1 በመቶ ያንሳል። ከ5 በመቶ በታች ስለሆነ ጥሩ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ልዩነት ትንሽ ነው ወይም ትልቅ ነው የሚባለው ከልኬቱ ጥርጣሬ (±) ጋር ተነጻጽሮ ነው። ንጽጽሩ ይህን ይመስላል።

| ኦርደር (m) | በግራና በቀኝ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 2y (ሴ.ሜ) | የተሰላው λ (ናኖሜትር) | ጥርጣሬ (ናኖሜትር) | ከ632.8 ያለው ልዩነት |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 30.2 | 618.3 | ± 2.5 | −14.5 (−2.3%) |
| 2 | 64.0 | 619.0 | ± 1.6 | −13.8 (−2.2%) |
| 3 | 108.1 | 622.0 | ± 1.1 | −10.8 (−1.7%) |

ስሌቱ የተሠራው በ d·sin θ = mλ እና በ tan θ = y/L ነው። የግሬቲንጉ መስመሮች በሚሊሜትር 300 ስለሆኑ d = 3333.3 ናኖሜትር ነው፤ L = 80.0 ± 0.2 ሴ.ሜ፣ y ደግሞ ± 0.05 ሴ.ሜ ተወስዷል። በሦስተኛው ኦርደር ልዩነቱ የጥርጣሬው አሥር እጥፍ ገደማ ሆኗል። ሦስቱም ውጤቶች ያዘነበሉት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ታች ነው። የንባብ መዋዠቅ ቢሆን ኖሮ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርግ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ የራንደም ኤረር አይደለም፤ ሁሉንም ልኬት በአንድ ወገን የሚጎትት ሲስተማቲክ ኤረር አለ ማለት ነው። «የሰው ስህተት» ብሎ መጻፍ ደግሞ ምንም አይገልጽም፤ የትኛው መጠን፣ በስንት ሴንቲሜትር፣ ወደ የት አቅጣጫ እንደተሳሳተ መታወቅ አለበት።

5.2 ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ

ሌዘሩ። የሂሊየም-ኒዮን ሌዘር የሞገድ ርዝመት የሚወሰነው በኒዮን አቶም የኃይል ደረጃዎች ነው። ቱቦው ሲሞቅ የሚፈጠረው ለውጥ በናኖሜትር ሺኛ ክፍልፋዮች የሚቆጠር በመሆኑ 13 ናኖሜትር ከዚህ ሊመጣ አይችልም። የተጠቀምነው ተራ የእጅ ዲዮድ ሌዘር ቢሆን ኖሮ ይህ መከራከሪያ አይሠራም ነበር፤ በእነዚያ ላይ የተጻፈው ቁጥር በበርካታ ናኖሜትር ሊዛነፍ ይችላል።

አየሩ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር የሳሳ ነው። ነገር ግን የአየር ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ በባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ1 የሚበልጠው በ0.0003 ገደማ ብቻ ነው። የከፍታው ልዩነት በሞገድ ርዝመቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከ0.1 ናኖሜትር በታች ስለሆነ በእኛ ልኬት ውስጥ አይታይም።

ሙቀቱ። ግሬቲንጉ በመስታወት ላይ የተለጠፈ የፕላስቲክ ፊልም ነው። በልኬቱ ጊዜ ክፍሉ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ፊልሙ ሲሞቅ ተለጥጦ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት d ይሰፋል፤ ስለዚህ አቅጣጫው ከውጤታችን ጋር ይገጥማል። መጠኑ ግን አይገጥምም። እንዲህ ያለ ፕላስቲክ በአንድ ዲግሪ የሚለጠጠው አሥር ሺኛ ያህል ሲሆን፣ 2.1 በመቶ ለመድረስ ከ200 ዲግሪ በላይ መሞቅ ነበረበት። አቅጣጫው ገጠመ ተብሎ መጠኑ ሳይሰላ ምክንያት ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

የግሬቲንጉ ማዘንበል። በሦስተኛው ኦርደር የቀኙ ነጥብ 54.3፣ የግራው 53.8 ሴ.ሜ ላይ ነበር። የ0.5 ሴ.ሜ ልዩነት ግሬቲንጉ ለብርሃኑ ፍጹም ቀጥ ብሎ እንዳልቆመ ሊያሳይ ይችላል፤ ማዘንበሉ 0.6 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ይህን ይሰጣል። ሆኖም እኛ የወሰድነው የግራና የቀኙን ድምር በመሆኑ ማዘንበሉ አንዱን ወገን ሲያሳጥር ሌላውን ያስረዝማል፤ በአማካዩ ላይ የሚተርፈው ውጤት ከ0.01 በመቶ አይበልጥም። አንዱን ወገን ብቻ ለክተን ቢሆን ኖሮ ይህ ኤረር ሙሉ በሙሉ ወደ ውጤቱ ይገባ ነበር።

በቀኝ በኩል ያለው የመጀመሪያ ኦርደር ከግራው ደመቅ ብሎ ታይቷል። ይህ ከመስመሮቹ የጎድጓድ ቅርጽ የሚመጣ ሲሆን ድምቀቱን እንጂ የነጥቡን ቦታ አይለውጥም።

5.3 የቀሩት ሁለት፦ d ወይስ L?

የቀረው ጥያቄ የግሬቲንጉ መስመሮች ቁጥር የተሳሳተ ነው ወይስ የስክሪኑ ርቀት የሚለው ነው። ሁለቱም λን ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ ሆኖም በየኦርደሩ የሚተዉት አሻራ አንድ አይደለም። d የተሳሳተ ከሆነ ሦስቱም ኦርደሮች በእኩል በመቶኛ መዛነፍ አለባቸው። እንዲያ ከሆነ ትክክለኛው የመስመሮች ቁጥር በሚሊሜትር 294 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። L የተሳሳተ ከሆነ ግን tan θ እና sin θ አብረው ስለማያድጉ መዛነፉ

Δλ/λ = −cos²θ · ΔL/L

ይሆናል (ΔL ማለት የተመዘገበው L ከእውነተኛው የበለጠበት መጠን ነው)፤ ማለትም ኦርደሩ ከፍ ሲል መዛነፉ ይቀንሳል። cos²θ በየኦርደሩ 0.96፣ 0.86 እና 0.68 ነው። L በ2 ሴ.ሜ በዝቶ ተመዝግቦ ቢሆን የሚጠበቀው መዛነፍ 2.4፣ 2.1 እና 1.7 በመቶ ነው፤ የለካነው 2.3፣ 2.2 እና 1.7 ነው።

መገጣጠሙ ጥሩ ቢመስልም በራሱ በቂ ማስረጃ አይደለም። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ኦርደር መካከል ያለው ልዩነት 3.7 ናኖሜትር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኦርደር ከy ብቻ የሚመጣ ጥርጣሬ ± 2.0 ናኖሜትር ነው። ልዩነቱ ከጥርጣሬው ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። በተጨማሪም L 78 ሴ.ሜ ነው ብለን ብናስተካክል መልሱ 632.8 እንደሚሆን አስቀድመን እናውቃለን፤ የሚጠበቀውን ቁጥር ተጠቅሞ ስህተትን መፈለግ ደግሞ ክብ መዞር ነው። ስለዚህ 632.8ን ጨርሶ የማይጠቀም ልኬት አስፈለገ።

5.4 የማረጋገጫ ልኬት

ግሬቲንጉን ሳናንቀሳቅስ ስክሪኑን በኦፕቲካል ቤንቹ ላይ በአራት ቦታዎች አስቀምጠን የሁለተኛውን ኦርደር 2y ለካን። ሦስተኛውን ያልተጠቀምነው 1.2 ሜትር ስፋት ካለው ስክሪን በሩቁ ቦታ ስለሚወጣ ነው።

| በቤንቹ ላይ የተነበበ L (ሴ.ሜ) | 2y (ሴ.ሜ) | y (ሴ.ሜ) |
|---|---|---|
| 40.0 | 31.2 | 15.60 |
| 60.0 | 47.7 | 23.85 |
| 80.0 | 64.0 | 32.00 |
| 100.0 | 80.4 | 40.20 |

L በየልኬቱ በአንድ ዓይነት መጠን ቢሳሳት መስመሩ በዜሮ አያልፍም፤ ስሎፑ ግን አይነካም። ስሎፑ በቀጥታ tan θ ነው። በሊስት ስኩዌር የተገኘው መስመር

y = 0.4098·L − 0.77

ነው (ሁለቱም በሴ.ሜ)። ከስሎፑ sin θ = 0.3792 ይወጣል፤ λ = 631.9 ± 1.5 ናኖሜትር ይሆናል። ይህ ከ632.8 ጋር በጥርጣሬው ውስጥ ይስማማል። መስመሩ የL መስመርን የሚያቋርጠው በ1.9 ± 0.2 ሴ.ሜ ላይ ስለሆነ ቤንቹ ላይ ያነበብነው እያንዳንዱ ርቀት ይህን ያህል በዝቶ ነበር። የግሬቲንጉ ቁጥር ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ መስመሩ በዜሮ አልፎ ስሎፑ ብቻ ከሚጠበቀው ባነሰ ነበር።

ከዚህ በኋላ የግሬቲንጉን ማቆሚያ መረመርን። በቤንቹ ላይ ርቀት የሚነበብበት ምልክት ያለው በማቆሚያው እግር ላይ ነው፤ ግሬቲንጉን የያዘው ክንድ ግን ከእግሩ ወደ ስክሪኑ ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ከምልክቱ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በብረት ማስመሪያ 2.0 ± 0.1 ሴ.ሜ ሆኖ ተገኘ። ከግራፉ የወጣው ቁጥር የስክሪኑንም ምልክት መዛነፍ የሚጨምር ሲሆን፣ ሁለቱ ቁጥሮች መስማማታቸው የስክሪኑ ምልክት በቦታው እንዳለ ያሳያል። በመጀመሪያ ለL የሰጠነው ± 0.2 ሴ.ሜ የንባቡን ጥርጣሬና ፊልሙ በየትኛው የመስታወቱ ገጽ ላይ እንዳለ አለማወቃችንን ብቻ ነበር የያዘው፤ የማቆሚያው ክንድ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

በL = 78.0 ሴ.ሜ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ እንደገና ሲሰላ ሦስቱ ኦርደሮች 633.5፣ 632.6 እና 632.9 ናኖሜትር ይሰጣሉ፤ በኦርደር የሚለወጠው አዝማሚያም ይጠፋል። ሆኖም የመጨረሻ ውጤት አድርገን የምናቀርበው ከስሎፑ የተገኘውን 631.9 ± 1.5 ነው፤ ምንም ማስተካከያ አልገባበትም። የመጀመሪያው 619.8 በውጤት ክፍሉ ውስጥ እንደተለካ ይቆያል።

5.5 ትክክል የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር

sin θ ≈ tan θ ብለን λን በቀጥታ ከ dy/(mL) ብናሰላ፣ ባልተስተካከለው L = 80.0 ሴ.ሜ የመጀመሪያው ኦርደር 629.2 ናኖሜትር ይሰጣል፤ ከሚጠበቀው 0.6 በመቶ ብቻ የራቀ ነው። ይህ ቁጥር ከትክክለኛው ቀመር ከተገኘው 618.3 የተሻለ ይመስላል። የተገኘው ግን ሁለት ስህተቶች ስለተቻቻሉ ነው፤ የበዛው L λን ወደ ታች ሲጎትት የትንሽ ማዕዘን ግምቱ ወደ ላይ ይገፋዋል። በሁለተኛው ኦርደር ያው ግምት 666.7፣ በሦስተኛው 750.7 ናኖሜትር ይሰጣል፤ ማዕዘኑ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ግምቱ በፍጹም አይሠራም። በአንደኛው ኦርደር ብቻ ሥራውን ያቆመ ቡድን የማቆሚያውን ስህተት ሳያይ ጥሩ ውጤት አገኘሁ ብሎ ይወጣ ነበር።

5.6 ያልተፈታ

በግራና በቀኝ መካከል የታየው የ0.5 ሴ.ሜ ልዩነት ምክንያት አልተለየም። ግሬቲንጉ 0.6 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል ወይም ስክሪኑ 0.4 ዲግሪ ገደማ ቢዞር ያው ልዩነት ይገኛል፤ በሦስተኛው ኦርደር ንባብ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ግሬቲንጉን በማቆሚያው ላይ 180 ዲግሪ አዙሮ ፊቱን ወደ ኋላ በማድረግም አይለይም፣ ማዘንበሉ አብሮ ስለሚቀር። የሚለየው ከግሬቲንጉ መስታወት ወደ ሌዘሩ የሚመለሰውን ደካማ ነጸብራቅ በሌዘሩ አፍ ላይ እንዲያርፍ አስተካክሎ ልኬቱን መድገም ነው፤ ልዩነቱ ከዚያም በኋላ ከቆየ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው።