ክፍል 6፦ ብሩ ከየት ይመጣል

ይሄን የልብስ ስፌት ወርክሾፓችንን ፕላን ክፍል የጻፍኩት ለሶስታችን ነው፣ ለእህቴ፣ ሼር ሊገቡ ላሰቡት ለጋሼ እና ለራሴ። ለአበዳሪው በሚሄደው ቅጂ ላይ አጻጻፉን እናስተካክላለን ቁጥሩ ግን ይሄው ነው። ሶስታችንም አንድ አይነት ቁጥር እያየን ካልተስማማን፣ በኋላ "እኔ እንደዛ አልመሰለኝም" መባባል ይመጣል፣ እሱን ነው የምፈራው።

የሚያስፈልገን ጠቅላላ 900,000 ብር ነው። ማሽኖቹ (አራት ቀጥታ ስፌት፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ አንድ የቁልፍ ቀዳዳ መስሪያ፣ መቁረጫውና ካውያው) 520,000፣ የስሪ ፌዝ መስመር ማስገባትና የውስጥ ዝርጋታው 60,000፣ ለጨርቅ ለክርና ለደሞዝ የሚሆን ሥራ ማስኬጃ 260,000፣ መጠባበቂያ 60,000። ይሄ ብር ግን ሁሉም በአንድ ቀን አያስፈልግም፣ የዚህ ክፍል ዋናው ነገርም እሱ ነው። ለመክፈት 720,000 ይበቃናል፣ ማለትም ማሽን፣ መብራት፣ መጠባበቂያና 80,000 ሥራ ማስኬጃ። ቀሪው 180,000 የሚፈለገው 6ኛው ወር ላይ ነው፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርሙን ጨርቅ በብዛት ስንገዛ። ስለዚህ እያንዳንዱን የብር ምንጭ ያየሁት በሁለት ጥያቄ ነው፣ ስንት ያስወጣናል፣ እና በፈለግነው ወር እጃችን ይገባል ወይ።

እኔና እህቴ ያጠራቀምነው 180,000 አለ፣ የጠቅላላው 20 በመቶ ማለት ነው። እሱ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም፣ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፣ አበዳሪም ሆነ ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቁት እናንተስ ስንት አስገባችሁ ብለው ነው።

ብድሩ

400,000 ለ24 ወር በ18 በመቶ። ሁለት አበዳሪ ጋር ጠይቀን ሁለቱም 18 በመቶ ነው ያሉን፣ እህቴም ያው ነው እንግዲህ የቀረበንን እንውሰድ ብላ ነበር፣ ግን ያው አይደለም። አንደኛው ፍላት ነው፣ ወለዱን ሁልጊዜ በመጀመሪያው 400,000 ላይ ያስባል፣ ግማሹን ከፍለን ከጨረስን በኋላም ቢሆን። በሁለት አመት ወለዱ 144,000 ይሆናል፣ በየወሩ 22,667 ነው የምንከፍለው። ሁለተኛው ግን በቀረው እዳ ላይ ብቻ ነው የሚያስበው፣ በወር 19,970 አካባቢ፣ ወለዱም በሁለት አመት 79,300 ገደማ። ልዩነቱ ወደ 64,700 ብር ነው፣ በአንድ አይነት "18 በመቶ"! ፍላቱን ወደ ሁለተኛው አይነት አሰራር ስቀይረው ወደ 31 በመቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁለተኛው ጋር ነው የምንሄደው፣ ቢሮው ትንሽ ቢርቅም።

ከሱም ላይ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ 8,000 ብር፣ ገና ሲሰጡን ቀንሰው ነው የሚሰጡን። ስለዚህ በፕላኑ ውስጥ "ብድር 400,000" ብለን ብንጽፍም ለማሽን ግዢ የምንቆጥረው 392,000 ብቻ ነው፣ ወለዱ ግን በ400,000 ላይ ነው የሚታሰበው፣ ይሄ እንዳይረሳ።

የእፎይታ ጊዜውን በተመለከተ በደንብ ነው ያሰላሁት። ከመክፈቻ በፊት ያለው 1ኛ ወር ገቢ የለውም፣ ከ2ኛ እስከ 5ኛ ወር ከደሞዝና ከኪራይ በኋላ በወር 24,000 ይተርፈናል ብለናል። ከብድሩ ጎን ደግሞ የእቁቡ 10,000 በየወሩ ይወጣል (እሱን ታች እመጣበታለሁ)። ያለ እፎይታ 1ኛ ወር ላይ 29,970 ከመጠባበቂያ ይወጣል፣ ከዛ በየወሩ 5,970 እየጎደለ በ5ኛው ወር መጨረሻ 53,850 በልተናል ማለት ነው፣ ከ60,000ው ላይ የሚቀረን 6,150፣ አንድ ማሽን ቢበላሽ አለቀልን። በፍላቱ ቢሆንማ ጉድለቱ 67,335 ይደርሳል፣ ከመጠባበቂያው በላይ፣ ገና የዩኒፎርሙ ወቅት ሳይደርስ። የ3 ወር እፎይታ ብንጠይቅ ግን፣ ማለትም ሶስቱን ወር ወለዱን 6,000 ብቻ እየከፈልን፣ ከዛ በ21 ወር 22,346 እየከፈልን ብንጨርስ፣ ያው እስከ 5ኛው ወር የሚጎድለው 16,692 ነው። ለዚህ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 87,300 ከፍ ይላል፣ በ8,000 ገደማ ማለት ነው። እኔ 8,000ውን ከፍዬ መተኛት ነው የምመርጠው። ስለዚህ ከአበዳሪው የምንጠይቀው የወለድ ቅናሽ ሳይሆን እፎይታ ይሁን፣ ቅናሽ ከተጨመረ እሰየው።

መያዣው ማሽኖቹ ራሳቸው ናቸው። ጋሼ ዋስ ልሁናችሁ ብለዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሼር ያለው ሰው ዋስም ከሆነ ሥራው ቢወድቅ ያስገቡትንም ያጣሉ የኛንም እዳ ይከፍላሉ፣ ሁለቴ ነው የሚጎዱት። ያንን መጠየቅ አልፈልግም።

የጋሼ ሼር

ጋሼ ያሉት 300,000 ለ30 በመቶ ነው። ሂሳቡን ስናየው ድርጅቱ ከብሩ ጋር 1,000,000 ዋጋ አለው እንደማለት ነው፣ ገና አንድ ማሽን ላልገዛ ወርክሾፕ ጥሩ ዋጋ ሰጥተውናል፣ በዚህ አልከራከርም። የሼር ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ገቢ በሌለበት ወር ማንም አያንኳኳም። ዋጋው ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ብድሩ አልቆ በአመት 360,000 ትርፍ ላይ ስንደርስ 30 በመቶው 108,000 ነው፣ በየአመቱ፣ ማቆሚያ የለውም። የብድሩ ወለድ በሁለት አመት 87,300 ሆኖ ያበቃል። ማለትም ሼር በመጀመሪያው አመት በጣም ርካሽ ነው፣ ከ3ኛው አመት በኋላ ደግሞ ካለን ሁሉ ውዱ ብር እሱ ነው።

ስለዚህ ሃሳቤ ግማሹን እንውሰድ ነው፣ 150,000 ለ15 በመቶ፣ በዛው ዋጋ። እስከ 24ኛው ወር ትርፍ አይከፋፈልም፣ ማንም ከኛም ጭምር፣ ምክንያቱም ያ ጊዜ የብድር ነው። በ3ኛው አመት መጨረሻ ደግሞ ከፈለግን በ225,000 መልሰን የመግዛት መብት ይኑረን፣ ካልገዛን ጋሼ እንዳሉ ይቀጥላሉ። ጋሼ ይሄ ለእርስዎ አነሰ ከመሰለዎት ቁጭ ብለን እንነጋገር፣ ግን በጽሁፍ ይሁን፣ ቤተሰብ ስለሆንን ነው በጽሁፍ ይሁን የምለው። እና አንድ ነገር፣ ጨርቅ ከማን እንደሚገዛና ማን እንደሚቀጠር የእህቴ ውሳኔ ነው፣ 15 በመቶው ያንን አይለውጠውም።

እቁቡ

እህቴ ያለችበት እቁብ 20 ሰው ነው፣ በወር 10,000፣ ለደረሰው 200,000 ይወጣል። 7 ጊዜ ከፍላለች፣ እስካሁን አልደረሳትም፣ ስለዚህ ወርክሾፑን ስንጀምር 13 ሰው ነው የቀረው። በመጀመሪያው የፕላኑ ረቂቅ ላይ "እቁብ 200,000" ብዬ ልክ እንደ ገቢ ጽፌው ነበር፣ ያ ስህተት ነበር። ከሱ ውስጥ 70,000 የራሷ የተጠራቀመ ብር ነው፣ 130,000ው ደግሞ ወለድ የሌለው እዳ ነው፣ ወጣም አልወጣም በየወሩ 10,000 መክፈሏ አይቀርም። ለዛ ነው ላይኛው ሂሳብ ውስጥ 10,000ውን ከ1ኛው ወር ጀምሬ ያስገባሁት። እቁብ ቶሎ ከደረሰ ብድር ነው፣ መጨረሻ ላይ ከደረሰ ቁጠባ ነው፣ የትኛው እንደሚሆን ደግሞ እጣው ነው የሚያውቀው።

ሲሰላ በ3 ወር ውስጥ የመድረስ እድሏ ከ13 3 ነው፣ 23 በመቶ፣ በ6 ወር ውስጥ ከ13 6፣ 46 በመቶ። በ46 በመቶ እድል ማሽን አይገዛም። ለዚህ ነው እቁቡን ከመክፈቻው ብር አውጥቼ ለ6ኛው ወር ጨርቅ ያደረግኩት። እስከዛ ከደረሳት 180,000ው ተሸፈነ፣ ቀድሞ ከደረሳት ደግሞ አይነካም፣ በስሟ ባንክ ይቀመጣል፣ ለሌላ ነገር አይወጣም (እህቴ ይሄን ላንቺ ነው የምጽፈው)። ካልደረሳት ከደረሰው ሰው እጣ እንገዛለን፣ በዚህ እቁብ ውስጥ ሰው 12,000 አካባቢ ተቀብሎ ተራውን ሲለቅ አይታለች፣ ያ ማለት ለዛ ብር የከፈልነው ወለድ ነው፣ እሱንም በወጪ ይዤዋለሁ። የሚሸጥ ከጠፋ ሶስተኛው መንገድ ከትምህርት ቤቶቹ 40 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ነው፣ ግን ለሱ ዋጋ መቀነስ ይኖርብናል።

ብሩን ለመቀበል ሁለት ዋስ ስለሚጠየቅ ከአሁኑ ሰዎቹን ማናገር አለባት፣ በእጣው ቀን ዋስ መፈለግ አይሆንም።

ግራንቱ

ያመለከትነው ውድድር እስከ 250,000 ይሰጣል። ብናገኘው ደስታውን አልችለውም፣ ግን በፕላኑ ውስጥ ዜሮ ነው ያልኩት። አንደኛ አሸናፊው መቼ እንደሚታወቅ ቀን የለውም። ሁለተኛ ብሩ የሚሰጠው በሁለት ዙር፣ እኛ ገዝተን ደረሰኝ ካቀረብን በኋላ ነው፣ ስለዚህ ግራንት ቢሆንም መጀመሪያ ከኪሳችን መውጣት አለበት። ሶስተኛ ውል ከመፈረሙ በፊት የተገዛ ማሽን አይቆጠርም፣ ለብድር መክፈያም አይሆንም። እህቴ ታዲያ ማሽኑን ሳንገዛ እንጠብቅ ወይ ብላኝ ነበር፣ አይሆንም፣ ሁለት ወር ከጠበቅን የዩኒፎርሙ ወቅት ያልፈናል ከዛ በኋላ ሌላ አመት ነው። ከመጣ ሁለተኛ ኦቨርሎክና የጥልፍ ማሽን እንገዛበታለን፣ ካልመጣ አሁን ያለው ፕላን በራሱ ይቆማል።

እንግዲህ ለመክፈቻው የራሳችን 180,000፣ ከብድሩ 392,000፣ ከጋሼ 150,000፣ ድምር 722,000 ነው ለ720,000 ፍላጎት። ለ6ኛው ወር 180,000 እቁቡ ወይም መተኪያዎቹ። ጠባብ ነው አውቃለሁ፣ 2,000 ብር ነው የሚተርፈው፣ ስለዚህ የማሽኑ ፕሮፎርማ ከ520,000 ካለፈ አንዱን ቀጥታ ስፌት ወደ 6ኛው ወር እናስተላልፋለን፣ መጠባበቂያውን አንነካም።

ጋሼ ስለ 15 በመቶው መልስዎን እስከ ሰኞ ይስጡን፣ የብድር ማመልከቻው ረቡዕ ነው የሚገባው፣ ቅጹም የባለድርሻዎችን ስም ይጠይቃል።