ስንቁን ማን ተሸከመ?

(የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ምረቃ፣ መሐል ሜዳ፣ ሰኔ 2017። ለርዕሰ መምህርቷ አፍ እንዲስማማ እንደገና የተጻፈ። መስመር ሲያልቅ ትንፋሽ ይወሰድ፤ // ያለበት ቦታ በልብ እስከ ሦስት ይቆጠር። በቅንፍ ያለው አይነበብም። በመጀመሪያው ቅጂ የነበሩት «ከዚህ አኳያ» እና «በመሆኑም» በሙሉ ወጥተዋል፤ ሜዳ ላይ በድምፅ ማጉያ ሲነበቡ ሰው እርስ በርሱ ማውራት ይጀምራል። ሳይቸኩሉ ሲነበብ 12 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።)

እንደምን አደራችሁ!
(መልስ ይጠበቅ። ደከም ካለ ይደገም።)
አልሰማሁም። እንደምን አደራችሁ!
//
እግዚአብሔር ይመስገን።

አባቶች፣ እናቶች፣ ቀሳውስት አባቶቻችን፣ መምህራን፣ እንግዶች።
የሁሉንም ማዕረግ ልደርድር ብል ዝናቡ ይቀድመኛል። ሰኔ ነው።
በአንድ አፍ ልበል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ!
(ጭብጨባው ሳያልቅ አይቀጠል።)

ልጆች።
ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው።
አንድ ነገር ብቻ።
ስንቁን ማን ተሸከመ?
//
ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ፣ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ከገጠር ነው።
ለሦስት፣ ለአራት ሆናችሁ አንዲት ክፍል ተከራያችሁ።
ዓርብ ማታ ወደ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ከተማ።
እሑድ ከሰዓት ግን ባዶ እጃችሁን አልመጣችሁም።
ጆንያ ነበረ። በጓሳ ገመድ የታሰረ ጆንያ።
ውስጡ የገብስ እንጀራ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በላስቲክ የተቋጠረች በርበሬ፣
ከጎን ደግሞ ማታ የሚለበስ ባና፣ ጢስ ጢስ የሚል።
ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ይደርቃል። ይፈረፈራል። ፍርፍር ይሆናል። ይበላል።

እስቲ አብረን እናስላ። የሒሳብ መምህሮቻችሁ እየሰሙ ነው፤ እንዳታሳፍሩን።
(ፈገግ ይባል፤ ሳቅ ካለ ይለፍ።)
በሳምንት 15 እንጀራ እንበል።
በዓመት 40 ሳምንት።
አራት ዓመት።
//
2,400 እንጀራ።
ለአንድ ልጅ፣ 2,400 እንጀራ።
ማን ፈጨው? ማን አቦካው? ጭሱን ማን ዋጠው?
ስንቁን ማን ተሸከመ?
//
እናቶች፣ እስቲ ቁሙልን።
አይ፣ ቁሙ እንጂ። ማፈር የለም።
ልጆች፣ ዞር በሉ። እዩዋቸው።
(እስኪቆሙ ይጠበቅ። እልልታ ይኖራል። ሲበርድ ብቻ ይቀጠል።)
ተቀመጡ እናቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።
አባቶችም አልተረሳችሁም፤ የኪራዩን ብር ያመጣው የማን በግ እንደሆነ እናውቃለን።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፤ ከባዱን ነገር ዛሬውኑ ልንገራችሁ።
ጋዋን ለብሳችኋል። ያምርባችኋል።
ግን ፈተናው ገና ነው።
በ2016 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 5.4 ናቸው።
ከመቶ ልጅ፣ አምስት።
//
ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም።
የምነግራችሁ፣ የዚህ ፈተና ስንቅ ሌላ ስለሆነ ነው።
ይህን ስንቅ እናት አትሸከምላችሁም።
ይህን ስንቅ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።

ስሙኝ። ከዚህ በኋላ የምለው ግጥም አይደለም፤ ሥራ ነው።

የምትፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ፣ እዚያው እያደራችሁ ነው።
በሞላሌ፣ በጣርማ በር አድርጋችሁ ደብረ ብርሃን ትወርዳላችሁ።
«ትወርዳላችሁ» ስላልኩ ሙቀት እንዳይመስላችሁ። ክረምት ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው።
ብርድ ልብስ ያዙ። አንሶላ ያዙ። ባናውን ያዙ።
ባና ይዤ ብታይ የገጠር ልጅ ይሉኛል የምትል ካለሽ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን እንደሚስቅ እናያለን።
(እዚህ ይሳቃል። ይጠበቅ።)

የመፈተኛ ካርድና መታወቂያ ያዙ።
ሁለቱን በአንድ ላስቲክ፣ ከልብስ ሻንጣ ውጭ፣ በእጅ ቦርሳ።
ሻንጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይጫናል፤ ዝናብ ያገኘዋል። ካርዱ ግን መርጠብ የለበትም።
ስልክ? አይገባም።
ስማርት ሰዓት? አይገባም።
ሐብል፣ ቀለበት? እቤት ይቅር።
«በር ላይ አስቀምጬ እገባለሁ» አትበሉ። በር ላይ የሚጠብቅላችሁ የለም።

ካርዱን ስትቀበሉ ደግሞ ስማችሁን አንብቡ።
ፊደል በፊደል አንብቡ።
የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ ያለው ስም፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ስም፣ ካርዱ ላይ ያለው ስም፣
ሦስቱ አንድ ይሁኑ።
በአማርኛ «ፀጋዬ» ያው ፀጋዬ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ግን፣
አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ-ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ቲ» ብቻ።
ለእናንተ አንድ ልጅ ነው። ለኮምፒዩተሩ ሁለት ልጅ ነው።
ልዩነት ካያችሁ፣ ሳትፈተኑ፣ ሳትሄዱ፣ ሬጅስትራር ቢሮ ኑ።
ቢሮው ክፍት ነው። ነገም ክፍት ነው። ከፈተና በኋላ ግን ጉዳዩ ከእኛ እጅ ይወጣል።

በወረቀት ለምትፈተኑ፣ አንድ ስህተት ልንገራችሁ። ጎበዝ ልጅ የሚጥል ስህተት ነው።
ጥያቄ 14 ከበዳችሁ። ዘለላችሁት። ደግ አደረጋችሁ።
ከዚያ የ15ን መልስ አጠቆራችሁ። የት? 14 ላይ!
ከዚያ 16ን 15 ላይ። 17ን 16 ላይ።
እስከ መጨረሻው አንድ አንድ እየተንሸራተተ ይሄዳል።
የምታውቁትን ሁሉ ጻፋችሁ፤ ማሽኑ ሁሉንም ስህተት ነው አለ።
//
ስለዚህ በየአሥር ጥያቄው ቁሙ።
10 ላይ ቁሙ። 20 ላይ ቁሙ። 30 ላይ ቁሙ።
የጥያቄውን ቁጥርና የመልስ ወረቀቱን ቁጥር በጣት ነክታችሁ አስተያዩ።
አምስት ሰከንድ ነው። አምስት ሰከንድ።
የዘለላችሁትን ጥያቄ ቁጥር ጥያቄው ላይ አክብቡት፤ ክቡ ባዶ ሆኖ ወረቀት እንዳታስረክቡ።
ስታጠፉም በደንብ አጥፉ፤ ግማሽ የጠፋ ጥቁረት ለማሽኑ ሁለት መልስ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ፈተናው ነው።
ስለ ውጤቱ ደግሞ ልናገር።
(እዚህ ድምፅ ዝቅ ይበል። ማይኩ ቀረብ።)

ውጤት የሚወጣበት ቀን ይመጣል።
አንዳንዳችሁ ትጮኻላችሁ። በደስታ። ጩኹ!
አንዳንዳችሁ ዝም ትላላችሁ።
//
ዝም ለምትሉት ነው አሁን የማወራው።
አትደበቁ።
ስልክ አታጥፉ። አትደበቁ።
ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አትከናነቡ። አትደበቁ።
ግማሽ ያልሞላላችሁ፣ ለሪሚዲያል የተቆረጠውን ነጥብ እዩ። ሞልቶላችሁ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ማካካሻውን ትማራላችሁ።
እሱም ካልሞላ፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ።
ምዝገባ ቀን አለው፤ ቀኑ ያልፋል። ተደብቆ የከረመ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ይኸው ቀን ነው፤ ነጥቡ ሳይሆን ቀኑ።
እንደገና በግል መፈተንም አለ።

«አንድ ዓመት ቁጭ ልበል?» የሚል ይኖራል።
ጓሳን የማያውቅ እዚህ የለም።
አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን እየከለሉ ጠብቀውታል።
ሲከለል ዓመታት ይቆያል። ማጭድ አይገባም። ከብት አይገባም።
የተከለለ ጓሳ ባዶ ነው ያለ ሰው አለ?
//
የለም። ሣሩ እያደገ ነው።
ግን ጠባቂ አለው! ጠባቂ የሌለው ክልል ግጦሽ ነው።
አንድ ዓመት ለመቆየት ከወሰናችሁ ጠባቂ አብጁለት፤
በቀን የታወቀ ሰዓት፣ አብሮ የሚያጠና አንድ ጓደኛ፣ ከእኛም አንድ መምህር።
የድሮ ፈተናዎችን ስጡኝ ብላችሁ ብትመጡ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አይዘጋባችሁም።

እናንተ ወላጆች።
ልጁ የዚያን ቀን ዝም ካለ፣ የዚያን ቀን አትጠይቁት።
እራት ስጡት። በማግስቱ ጠይቁት።
«የእገሌ ልጅ ስንት አመጣ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለጎረቤት ተዉለት።
(ሳቅ ይኖራል።)

ሰርተፊኬት ልንሰጣችሁ ነው።
አንድ አደራ፤ ላሚኔት አታስደርጉት።
ፕላስቲክ ከለበሰ በኋላ፣ ቢሮ ሄዳችሁ ይረጋገጥልኝ ስትሉ ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት የለም።
በጠንካራ ካርቶን ውስጥ አድርጉት። ከምድጃ ራቅ፣ ከጣሪያ ፍሳሽ ራቅ።
ሦስት ኮፒ አንሱ። ዋናውን ለማንም አትስጡ። ለማንም።

እሺ።
ንግግሬን ልጨርስ፤ ሰማዩም ጠቁሯል።
ስም ሲጠራ በስተቀኝ ትወጣላችሁ፣ በስተግራ ትወርዳላችሁ።
በቀኝ እጅ ጨብጡ፣ በግራ እጅ ተቀበሉ፤ ካሜራውን ሳታዩ እንዳትወርዱ፤ እንደገና አንጠራም።
ስትወርዱ ወደ ወንበራችሁ አትሂዱ።
ስንቁን ወደ ተሸከመላችሁ ሰው ሂዱ።
ቆቡን አውልቁና በእሱ ራስ ላይ አድርጉት።
እናት ከሆነች፣ በነጠላዋ ላይ ይሁን፤ ነጠላዋን አታስወልቋት።
እናት ካልመጣች፣ ያሳደገች አክስት ትሁን። ታላቅ ወንድም ይሁን። ያከራየቻችሁ እትዬም ካለች፣ እሷም ትሁን።
ፎቶ የምናነሳው ያኔ ነው።

(ወረቀቱ ይታጠፍ። ቀና ተብሎ ይታይ።)

12ኛ «ሀ»።
//
ተነሱ።